ክርክር፦ በአራተኛው ቀን «95 በመቶ እርግጠኛ ነን» ይባላል?

«ጎብኚውን በዕጣ ለሁለት ከፍለን ነባሩን የምዝገባ ገጽ ኤ እና አዲሱን ገጽ ቢ ያወዳደርንበት፣ ማክሰኞ የጀመርነው ፈተና ዓርብ ላይ 95 በመቶ እርግጠኝነት ደርሷል። በምዝገባ መጠን ቢ ገጽ ኤ ገጽን በ45 በመቶ በልጦታል። ፈተናውን ዘግተናል፤ ቢ ለሁሉም ይለቀቅ።»

አቤል፦ እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ማንበብ ሰልችቶኛል። ቁጥሮቹ ተያይዘዋል፣ እዩዋቸው። ኤ 1,310 ጎብኚ፣ 48 ምዝገባ። ቢ 1,170 ጎብኚ፣ 62 ምዝገባ። ቅዳሜና እሁድ እንኳ አልተነኩም። በ110 ምዝገባ ላንዲንግ ፔጅ የሚቀይር ሰው ድፍረቱን ለእኔም ያካፍለኝ።

ሊያ፦ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ በጎን አትናገር። 3.66 በመቶ እና 5.30 በመቶ፤ ፒ ቫልዩው፣ ማለትም ገጾቹ ባይለያዩ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል፣ 0.048 ነው። ራስህ አስላው። ፎርሙ ከሰባት ሣጥን ወደ ሦስት ወርዷል፣ ርዕሱም ጠርቷል፤ ቢ ባይበልጥ ነበር የሚገርመው።

ኪሩቤል፦ ሊያ፣ ስሌቱ ልክ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ «ደርሷል» ያልሽው ነው። እስኪደርስ ድረስ ዳሽቦርዱን ስንት ጊዜ ከፈታችሁት?

ሊያ፦ ጠዋትና ማታ። ማየትም ተከለከለ?

ኪሩቤል፦ ማየቱማ ግዴታ ነው፤ ፎርሙ ተሰብሮ ቢሆንስ? ችግሩ ባዩት ቁጥር ላይ ተነሥቶ መዝጋቱ ነው። ሁለቱ ገጾች ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ፣ አንዴ ብቻ አይተሽ ብትወስኚ በሐሰት «ልዩነት አለ» የምትይበት ዕድል 5 በመቶ ነው። አምስት ጊዜ እያየሽ ከ0.05 በታች በወረደበት ቅጽበት ብትዘጊ ወደ 14 በመቶ ይወጣል፣ በአሥር እይታ 19፣ በሃያ 25 ገደማ። የእናንተ ስምንት እይታ በ14 እና በ19 መካከል ያርፋል። 0.048ን በዚያ መነጽር አንብቢው።

አቤል፦ «95 በመቶ እርግጠኛ» 😂

ሊያ፦ አቤል፣ አንተ ያለፈውን ገጽ ያለ ምንም ፈተና የለቀቅከው ሰው አይደለህም?

አቤል፦ እኔ ቢያንስ ፈትኛለሁ አላልኩም።

ናሆም፦ ይሄ ሁሉ ጭንቀት የፒ ቫልዩ ሰዎች ችግር ነው። የቀደመ ግምትን ከዳታው ጋር በሚያጣምረው በቤይዥያን ዘዴ አስሉት፣ እንደፈለጋችሁ እዩ፤ እይታ አያበላሸውም።

ኪሩቤል፦ ግማሹ እውነት ነው። ከመጀመርህ በፊት «የርዕስ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ብቻ ነው የሚያመጣው» የሚል ጠንከር ያለ ፕራየር፣ ማለትም ቅድመ ግምት፣ ካስገባህ፣ አራት ቀን ላይ የመጣ 45 በመቶ ራሱ ይሸማቀቃል። ሁሉንም ውጤት እኩል የሚያይ ጠፍጣፋ ፕራየር ሰጥተህ «የማሸነፍ ዕድሉ 95 ሲሞላ አቁም» ካልክ ግን የሐሰት አሸናፊው ብዛት እንደዚያው ያድጋል። ዳሽቦርዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ደግሞ ጠፍጣፋው ነው።

ናሆም፦ የዳሽቦርዱን ጥፋት ለዘዴው አትስጥ።

ኪሩቤል፦ እየዘጋችሁ ያላችሁት በዳሽቦርዱ ነው እኮ። በየመሀሉ ለመዝጋት የሚፈልግ ሰው እይታዎቹን አስቀድሞ ይቁጠር፣ የ0.05ን መስመርም ያጥብብ። ለአምስት እኩል እይታ የፖኮክ ዘዴ የሚሰጠው መስመር 0.016 አካባቢ ነው። ያ ካልሆነ ሳምፕሉን፣ የሚያስፈልገውን የጎብኚ ብዛት፣ ቀድሞ ማስላት ነው፦

```
n = 16 * p * (1 - p) / d^2
```

`n` ለእያንዳንዱ ገጽ የሚያስፈልገው የጎብኚ ብዛት ነው፣ `p` የነባሩ ገጽ የምዝገባ መጠን፣ `d` ልታጡት የማትፈልጉት ትንሹ ልዩነት። ነባሩ 4 በመቶ ቢሆንና ወደ 4.8 ማደጉን መያዝ ብትፈልጉ `d` 0.008 ነው፤ ለእያንዳንዱ ገጽ 9,600 ጎብኚ ይወጣል። ይህም ልዩነቱ በእርግጥ ካለ ከአምስት ጊዜ አራቱን እንድትይዙት ነው። እናንተ 1,200 ገደማ ላይ ቆማችኋል። በዚህ ቁጥር መስመሩን የሚያልፈው ከልክ በላይ የተጋነነ ልዩነት ብቻ ስለሆነ 45 በመቶው ለሌላ ጊዜ አይጠብቃችሁም።

ሳሚ፦ የእኔ ገጽ በሳምንት 300 ሰው ብቻ ነው የሚገባበት። በዚህ ስሌት 64 ሳምንት ልጠብቅ ነው? የቁልፉን ቀለም ለመቀየር?

ኪሩቤል፦ ቀለሙን ተወው፤ በዚያ ትራፊክ አይያዝም። ትልቅ ለውጥ ብቻ ፈትን። ከ4 ወደ 6 በመቶ የሚወስድ ለውጥ ለእያንዳንዱ ወደ 1,540 ጎብኚ ይበቃዋል፣ አሥር ሳምንት አካባቢ ማለት ነው። በዚያን ያህል ጊዜ ግን ኩኪውን የሚያጠፋ፣ ስልክ ቀይሮ የሚመለስ ሰው ስለሚበዛ አንዱ ሰው ሁለቱንም ገጽ ያያል። የራሱ ጣጣ አለው።

ትዕግስት፦ ሁላችሁም ምዝገባው ላይ ተጣብቃችሁ ጎብኚውን ዘለላችሁት። 1,310 እና 1,170። ሊያ፣ ክፍፍሉ ስንት በስንት ነበር?

ሊያ፦ ሃምሳ በሃምሳ። በዕጣ ሲከፈል ትንሽ መዛባት ያለ ነው።

ትዕግስት፦ ትንሽ አይደለም። የሚጠበቀው 1,240 ለእያንዳንዱ ነው። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል 70፤ መዛባቱን የሚለካው ካይ ስኩዌር 7.9 ይሆናል። ማከፋፈያው ጤነኛ ቢሆን እንዲህ ያለ መዛባት ከሁለት መቶ ፈተና በአንዱ ብቻ ነው የሚታየው። ቢ የተቀመጠው በሌላ አድራሻ ነው? በሪዳይሬክት ነው የሚገባው?

ሊያ፦ አዎ። ኤ ነባሩ አድራሻ ላይ ነው፣ ቢ ይዘዋወራል።

ትዕግስት፦ በቃ፣ የምጠረጥረው እሱን ነው። የቢ ጎብኚ የሚቆጠረው ሁለተኛው ገጽ ተጭኖ ጎብኚ የሚቆጥረው ታግ ሲተኮስ ነው። ኔትወርኩ የዘገየበት ሰው ከዚያ በፊት ይወጣል፣ ሳይቆጠርም ይቀራል። ኤ ላይ ግን ያው ዓይነት ሰው ይቆጠራል፣ ሳይመዘገብም ይሄዳል። ስለዚህ የቢ መቶኛ ከፍ የሚለው ገጹ ስለተሻለ ሳይሆን ኔትወርኩ የዘገየበት ጎብኚ ከአካፋዩ ስለወጣ ሊሆን ይችላል። ሞክሪው፦ የጠፉትን 140 ሰዎች ሳይመዘገቡ እንደወጡ አድርገሽ ወደ ቢ መልሻቸው። 62 ለ1,310፣ 4.73 በመቶ። ፒ ቫልዩው 0.17 ይሆናል።

አቤል፦ ዓርብ ያወጃችሁት 95 ወደ 83 ወረደ ማለት ነው።

ትዕግስት፦ አቤል፣ እንደዚያም አይነበብም። አትቸኩል።

ሊያ፦ ቦት የሚያጣራው ማጣሪያ ከቢ የበለጠ ቆርጦ ቢሆንስ? 140ዎቹ ሰው ለመሆናቸው ማስረጃሽ ምንድን ነው?

ትዕግስት፦ ማስረጃ የለኝም፤ ሊሆን ይችላል ያልሽውም ይሆናል። የሚለየው እንዲህ ነው። ጥምርታውን በስልክና በኮምፒውተር፣ ከዚያ በብራውዘር ክፈዪው። ጉድለቱ ስልክ ላይ ከተከማቸ ሪዳይሬክቱ ነው፤ አንድ የቆየ ብራውዘር ላይ ከተከማቸ ስክሪፕቱ እዚያ እየወደቀ ነው። ቆጠራውን ደግሞ ዕጣው ሰርቨር ላይ በወጣበት ቅጽበት አድርጊው፣ ገጹ ከመጫኑ በፊት። ካልተቻለ ኤ ገጽንም በሪዳይሬክት አስገቢው፣ ሁለቱም እኩል ይዘግዩ።

ናሆም፦ ሁለቱንም ማዘግየት? ያ ገንዘብ ማባከን ነው።

ትዕግስት፦ የተዛባ ቁጥር ላይ ገጽ መቀየርስ?

ሊያ፦ እሺ፣ ሰኞ እንደገና ይጀመራል፤ ኤ ገጽም ይዘዋወራል፣ የሚዘጋውም ሁለት ሙሉ ሳምንት አልፎ 9,600ው ሲሞላ ነው። ፎርሙ እንደሚያሸንፍ ግን ዛሬም እወራረዳለሁ። የአራቱን ቀን ቁጥር ከአዲሱ ጋር እደምረዋለሁ።

ኪሩቤል፦ አትደምሪ። ያሸነፈ መስሎሽ የቆምሽበትን ዳታ ከጨመርሽ ቢ ከፊት ሆኖ ይጀምራል።

ናሆም፦ እኔ ብሆን እንደ ፕራየር አስገባው ነበር። የተከፈለበት ትራፊክ እንዴት ይጣላል?

ትዕግስት፦ ቆጠራው ከተሰበረ ፈተና ነው ፕራየር የምትወስደው?

ናሆም፦ ክብደቱን ቀንሼ።

ትዕግስት፦ በስንት? የጠፉት እነማን እንደሆኑ ሳታውቅ?