ዋይፋይ ይይዛል፣ ግን ምንም አይከፍትም፤ የተበላሸው የቱ ነው?

ሰላም ወገኖች፣ ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው። ከትናንት ማታው ዝናብ ወዲህ ኢንተርኔት የለም። ስልኬ ዋይፋይ ይይዛል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ሞደሙም ራውተሩም ዋይፋዩም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። 192.168.1.1 ብዬ ስጽፍ የሳጥኑ መግቢያ ገጽ ወዲያው ይመጣል። ስለዚህ ዋይፋዩና ራውተሩ ደህና ናቸው ብያለሁ። የዲኤስኤል መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ይላል፤ ድሮ ሳያቋርጥ ነበር የሚበራው። ሞደሙ ከመስመሩ ጋር መገናኘት አቅቶታል ማለት ነው አይደል? ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ያው ነው። የቤት ስልኩን ሳነሳም ይንኮሻኮሻል።

የሞተው ሞደሙ ነው ወይስ የውጭው መስመር? የጎረቤቴን ሞደም በእኔ መስመር ብሰካውና መብራቱ ያው ብልጭ ድርግም ቢል፣ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ማለት ይቻላል? እህቴ ነገ የኦንላይን ፈተና አለባት፤ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።