የ1 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ልለውጥ ነው፤ ዋጋውን በምን ልቁረጥ?

ጀማሪዋ፦ አማርኛ ስጽፍም ስናገርም ጎበዝ ነሽ ይሉኛል። በደቂቃ 25 ቃል ያህል እተይባለሁ። አንድ ሰው የ1 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለውጪልኝ አለኝ። ዋጋውን በምን ልቁረጥ? ወይስ ሰብታይትል ወይም የድምፅ ሥራ ይሻለኛል?

ጆሮ ጠቢ፦ በድምፁ ደቂቃ ቁረጪ። ግን ቁጥር ከመጥራትሽ በፊት ከመሃል 5 ደቂቃ አስልኪና ሰዓት ይዘሽ ሞክሪው። መጀመሪያው ላይ ሁሉም ረጋ ብሎ ነው የሚያወራ፣ ያታልልሻል። ሰው በደቂቃ ወደ 100 ቃል ካወራ፣ በአንቺ ፍጥነት መተየቡ ብቻ አራት እጥፍ ነው። ወደኋላ እየመለሱ መስማት ሲጨመር 5ቷ ደቂቃ 30 ብትፈጅ፣ ሙሉው 6 ሰዓት ይሆናል። ለእርማት ቢያንስ 1 ሰዓት ያዢ። ለ7 ሰዓት ሥራ የምትፈልጊውን ለ60 አካፍዪ፤ የደቂቃው ዋጋ እሱ ነው።

ቃል በቃል ነው የተጣራ የሚፈልገው? አስቀድመሽ ጠይቂው። «እ… ማለቴ እሱን፣ እሱን እንኳ አላውቅም» ሲጣራ «እሱን እንኳ አላውቅም» ይሆናል። ያልሰማሽውን በግምት አትሙዪ። [አይሰማም 12:40] ብለሽ እለፊው።

ፈጣኑ፦ ባክሽ ሰብታይትል ግቢ። የተተየበውን ቆራርጦ ሰዓት መለጠፍ ነው፣ አለቀ።

ጆሮ ጠቢ፦ ሰዓቱ ልክ ነህ፣ ማሳጠሩን ግን ረሳኸው። ተናጋሪው «እኔ እኮ ትናንት፣ ምን ልበልሽ፣ ትናንት ማታ ስደውልልሽ ስልኩን አላነሳሽም» ይላል። ይህን በ3 ሰከንድ አንብቦ ፊቱንም የሚያይ የለም። እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

```
1
00:00:04,200 --> 00:00:07,200
ትናንት ማታ ስደውል
አላነሳሽም።
```

ለእንግሊዝኛ በመስመር 42 ፊደል ይፈቀዳል። የኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ እኔ ከ28 አላልፍም። ፋይሉ በ UTF-8 ይቀመጥ፣ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

የድሮ ታይፒስት፦ እኔም ጉድ ሆኛለሁ! 40 ገጽ ተይቤ ብልክ ደንበኛው ጋ ዝብርቅርቁ ወጣ።

ጆሮ ጠቢ፦ ጥያቄዋ ሌላ ነበር፣ ግን ይጠቅማታል። የድሮው ፎንት ዩኒኮድ ስላልሆነ ነው፤ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ አይነበብም። በ Keyman ዓይነት የዩኒኮድ ኪቦርድ ይተይቡ።

ማይኩ፦ ድምፅ ከወደድሽ ጥሩ ማይክ ግዢ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ቁም ሳጥን፦ ማይኩ ባዶ ክፍል ውስጥ ምን ያደርግላታል? ማሚቶውን ነው አጥርቶ የሚቀዳላት። እኔ ልብስ በተሰቀለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ ነው የምቀዳው። ላብ በላብ ነው፣ ግን ድምፁ ደረቅ ብሎ ይወጣል።

ጀማሪዋ፦ ሞከርኩት። 5ቷ ደቂቃ 42 ፈጀች! ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። ሙሉው 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ሊሆን ነው፣ እርማቱ ሳይቆጠር። በአንድ ጊዜ የሚያወሩበትን ለብቻው ላስከፍል?

ፈጣኑ፦ አዎ፣ ጨምሪበት።

ጆሮ ጠቢ፦ እኔ ለይቼ አላስከፍልም፣ ደንበኛ ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። የሙሉውን ዋጋ ከፍ አድርጊና ሙከራሽን አሳዪው።