የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የብድር ነጥብ ረቂቅ ለእሁዱ ጉባኤ፤ አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ

ጸሐፊው
የብድር ኮሚቴው ቅዳሜ ከ12 ፋይል በላይ ማየት አልቻለም። በሳምንት የሚገባው ማመልከቻ ግን 25 ነው። ውዝፉ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። ስለዚህ 70 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ኮሚቴ ሳያየው ይፈቀድለት፤ ከ40 በታች ያገኘ ኮሚቴ ሳያየው ይከልከል፤ ከ40 እስከ 69 ያሉት «አጠራጣሪ» ተብለው ለኮሚቴው ይቅረቡ። የነጥቡ አሰጣጥ እንደ ቀድሞው ነው። ያለፉትን 3 ወራት ስቆጥር በሳምንት 9 ከላይ፣ 11 ከመሃል፣ 5 ከታች ይወድቃሉ። አሥራ አንዱን ኮሚቴው ይችላል።

ጋሽ ምድር ባቡር
«አጠራጣሪ» የሚለውን የጻፈው ማን ነው? የእኔ ነጥብ 66 ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሒሳብ ሹሟ ነግራኛለች። በ1998 የደቻቱ ጎርፍ ቤቴን ጠርጎ ሲወስደው እንኳ ወር አላሳለፍኩም። ዛሬ ወረቀት ላይ አጠራጣሪ ልባል ነው?

የሳቢያኑ
ሁለት መስመር ለምን አስፈለገ? አንድ መቁረጫ ነጥብ ይበቃል። 55 ይሁን። በላይ ያለፈ ይውሰድ፣ በታች የቀረ ይቅር። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንኳ በመቁረጫ ነጥብ ነው። ሰው ከገባበት ዘመድ አዝማድ ይገባበታል። የስሌቱን ሰንጠረዥ እኔ በኮምፒውተር እሠራዋለሁ፣ በነጻ።

የከዚራዋ
ዘመድ አዝማድ ያልከው እውነት ነው፤ በአንዱ መስመር ግን አልስማማም። እኛ አንድ ወር ቁጠባ ያዘገየ ሰው ላይ 6 ነጥብ እንቀንሳለን። ይህ ማለት አንዲት አባል በመስከረም ለልጆቿ ደብተር ገዝታ ቁጠባውን ብታሳልፍ ከ58 ወደ 52 ትወርዳለች፤ በጥቅምት ከፍላ ትመለሳለች። ሴትዮዋ ያው ናት፣ የተለወጠ ነገር የለም። መስመርህ 55 ላይ ከሆነ በጥቅምት ታገኛለች፣ በመስከረም ትከለከላለች። የመሃሉ እርከን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ነጥቡ በራሱ ከሚዋዥቅበት መጠን የሰፋ ቦታ መተው አለበት፤ አለበለዚያ የምንለካው የሰውን ከፋይነት ሳይሆን ያመለከተበትን ወር ነው።

ባለ ባጃጁ
የእኔ ጉዳይስ? ዓምና 38 አግኝቼ ተከለከልኩ። ዋሴ ጅቡቲ ሄዶ ነበር እንጂ ዋስ አጥቼ አይደለም። አሁን ደግሞ ማንም ሳያየኝ ልከለከል ነው?

ጋሽ ምድር ባቡር
ጥያቄዬን የመለሰ የለም። ማን ነው የጻፈው?

ጸሐፊው
እኔ ነኝ የጻፍኩት ጋሼ፣ እርስዎን አስቤ አይደለም። ቃሉ የነጥቡን ነው የሚገልጸው፣ የሰውየውን አይደለም።

ጋሽ ምድር ባቡር
ነጥቡ የማን ነው ታዲያ? የጎረቤቴ?

የቀፊራዋ
ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኔ 47 ነኝ። ቲማቲም የምሸጥ ሰው በየወሩ እኩል አይቆጥብም፤ ገበያው ሲሞላ በአንድ ጊዜ የ3 ወሩን አስገባለሁ። ደብተሬ ላይ ግን ባዶ ባዶ ወሮች ይታያሉ፣ ነጥቡም ባዶውን ይቆጥራል። ኮሚቴው ባለፈው ገበያ ድረስ መጥቶ ሣጥኖቼን ቆጥሮ፣ ከማን እንደምረከብ ጠይቆ ነው የፈቀደልኝ። ከፍዬም ጨርሻለሁ። በምን ሒሳብ ነው አጠራጣሪ የምባለው?

የከዚራዋ
ስለ ቃሉ ተዉትና የቀፊራዋ የጻፈችውን እንደገና አንብቡት። ኮሚቴው ነጥቡ የማያየውን ነገር ሄዶ አየ። ኮሚቴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያንኑ ደብተር ገልጦ ያንኑ ባዶ ወር የሚቆጥር ኮሚቴ ነጥቡን በቀስታ መድገሙ ነው። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ስለተቀመጥኩ አውቀዋለሁ፦ ቅዳሜ በ10 ሰዓት በዚያ የቆርቆሮ አዳራሽ ተሰብስበን፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ፋይሎች ተከራክረን እንወስናለን። ከዚያ ላቡ ይወርዳል፣ ውሃው ያልቃል፣ የመጨረሻዎቹ 4 «እንደ ነጥቡ ይሁን» ይባላሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሁሉም እኩል «ታይቷል» ነው የሚለው።
ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ የኮሚቴ አባል አስተያየቱን ጽፎ እስኪጨርስ ነጥቡን አይይ፤ 66 ወይም 42 የሚል ቁጥር ከፊቱ ካለ ዓይኑ ከቁጥሩ አይላቀቅም። ሁለተኛ፣ ኮሚቴ ሳያያቸው ከሚወሰኑት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ፋይል በዕጣ ይውጣና ይታይ፣ አንድ ሳምንት ከላይ፣ አንድ ሳምንት ከታች። ከላይ ያለፈ ባይከፍል በውዝፍ መዝገብ ላይ እናየዋለን። ከታች የተከለከለ ሰው ግን ብድሩን ስላላገኘ ይመልስ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ መስመሩ 40 ላይ ተሳስቶ ቢሆን በምን እናውቃለን? 11 እና 1 አሥራ ሁለት ነው፣ ኮሚቴው ይችለዋል።

ሒሳብ ሹም
«መካከለኛ» ይባል።

ባለ ባጃጁ
«ቢጫ» ይሻላል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ።

ጋሽ ምድር ባቡር
ቀይ የሚባለው አባል ምን ይሰማዋል? አንተ ራስህ 38 ነህ፣ ቀይ ልትባል ነው እኮ። እኔ በባቡሩ 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቀይ ሲበራ ባቡሩ ይቆማል እንጂ ሰዉ አይሰደብም።

ባለ ባጃጁ
ነጥቤን ለምን አደባባይ ያወጡታል ጋሼ?

ጋሽ ምድር ባቡር
ራስህ ነህ የጻፍከው፣ ወደ ላይ ተመልከት።

የሳቢያኑ
«እርከን ሁለት» በሉትና ይለቅ። በቃሉ ላይ 2 ቀን ሄደ።

የቀፊራዋ
እርከን ሁለት ማለት እርከን አንድ ካለው ያንሳል ማለት አይደለም?

ጸሐፊው
እባካችሁ። ስለ ዕጣው ፋይል፣ ስለ ነጥብ መደበቁ ምን ትላላችሁ? ማንም አልመለሰም።

ሒሳብ ሹም
የዕጣው ጥሩ ነው። ነጥቡን መደበቅ ግን እንዴት ይሆናል? ፋይሉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ ነጥቡ ሽፋኑ ላይ ነው የሚጻፈው። የሳቢያኑ ሰንጠረዡን ሲሠራ ለብቻው ያውጣው።

ጸሐፊው
የሳቢያኑ፣ ሰንጠረዡ የት ደረሰ?

ባለ ባጃጁ
እኔ የምለው፣ ሳይታዩ መከልከል ይቅር። ሰው ቢያንስ ፊቱ ታይቶ ይከልከል። ፍርድ ቤት እንኳ ተከሳሽን ሳይሰማ አይፈርድም።

የቀፊራዋ
እደግፋለሁ።

ጋሽ ምድር ባቡር
እኔም። ይህ ከተስተካከለ ስለ ቃሉ የተናገርኩትን በግማሽ አነሳለሁ።

ጸሐፊው
እሺ፣ የክልከላው ነገር ሁላችሁንም ስላስማማ ረቂቁን ቀይሬዋለሁ፦ ከ40 በታች ያሉትም ለኮሚቴው ይቀርባሉ።

የከዚራዋ
ስትቀይር ደምረሃል? 11 እና 5 አሥራ ስድስት ነው። ኮሚቴው 12 ያያል። በየሳምንቱ 4 ፋይል ይተርፋል፤ በ10 ሳምንት 40 ይሆናል፣ የዛሬው ውዝፍ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ባለ ባጃጁ ያለው ሐሳብ ክፉ አይደለም፤ ግን ዋስ የሄደበት ሰው የሚያስፈልገው ኮሚቴ ሳይሆን የይግባኝ መንገድ ነው። «ዋሴ ተመልሷል» ብሎ አንድ ወረቀት ያስገባ፣ ነጥቡ እንደገና ይሰላለት። አምስቱ ሁሉ ይግባኝ አይሉም።

ባለ ባጃጁ
ይግባኝ ማለት ደግሞ ሌላ 2 ወር ነው። አውቀዋለሁ።

ሒሳብ ሹም
ኮሚቴው ከበዛበት የላይኛውን መስመር ከ70 ወደ 60 እናውርደው። ከመሃሉ 11 ውስጥ 5ቱ ከ60 በላይ ናቸው። እነሱ ሳይታዩ ካለፉ 6 ይቀራል፣ ከታቹ 5 ጋር 11። መዝገቡንም አይቻለሁ፤ ባለፉት 2 ዓመታት ከ60 እስከ 69 ላሉት 90 ብድር ተሰጥቷል፣ ከ3 ወር በላይ የተወዘፈው 4 ብቻ ነው። ከ90 ውስጥ 4 ምንም አይደለም።

ጋሽ ምድር ባቡር
ይኸው! 66 ማለት እንግዲህ ከላይ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ብትሉ ኖሮ ማን ይናገር ነበር።

የከዚራዋ
ሒሳብ ሹም፣ በዚያው መዝገብ ከ60 እስከ 69 ሆነው ያመለከቱት ስንት ናቸው?

ሒሳብ ሹም
121።

የከዚራዋ
እንግዲህ 31 ሰው ኮሚቴው ሄዶ አይቶ ከልክሏል። አንዱ ሱቅ አለኝ ያለው ሱቁ የወንድሙ ሆኖ ተገኘ፤ አንዷ ለ3 ማኅበር አንድ ዋስ ያስያዘች ነበረች። አራቱ ብቻ የተወዘፉት እነዚያ 31 ስለተጣሩ ነው። መስመሩን ወደ 60 ስታወርዱት ማጣሪያውን ታነሣላችሁ፣ ከዚያ ማጣሪያው ያስገኘውን ቁጥር ትጠቅሳላችሁ። ሠላሳ አንዱ ቢገቡ ምን ያህሉ ይከፍሉ ነበር? ምናልባት አብዛኞቹ። ግን 4 ከ90 የሚለው ስለእነሱ ምንም አይነግረንም። መስመር የሚወርደው ብድሩ ስለሚመለስ እንጂ ኮሚቴው ስለደከመ መሆን የለበትም።

ሒሳብ ሹም
ሰው በደንብ ከከፈለ ምን ችግር አለው? ሁልጊዜ ታከብጂዋለሽ።

የከዚራዋ
የሚጠፋው ብር የእኔ ብቻ ቢሆን አላከብደውም ነበር።

የቀፊራዋ
አትጣሉ። 65 ይሁን፣ መሃል።

ጋሽ ምድር ባቡር
65 ይስማማኛል።

ባለ ባጃጁ
ጋሼ 66 ስለሆኑ ነዋ።

ጸሐፊው
የሳቢያኑ ስልክ አያነሣም። ሰንጠረዡን ሒሳብ ሹሟ እንደ ድሮው በእጅ ትሠራዋለች፣ ነጥቡም ሽፋኑ ላይ ይቀጥላል። 65ን ሒሳብ ሹሟ ቆጥራዋለች፤ ከመሃሉ 2 ብቻ ነው የሚያነሣው፣ ለኮሚቴው 14 ይቀራል። ስለዚህ በሒሳብ ሹሟ ሐሳብ 60 አድርጌዋለሁ። የመጨረሻው ረቂቅ፦
60 እና በላይ ወዲያው ይፈቀዳል። ከ60 በታች ያሉት ሁሉ «በኮሚቴ የሚስተናገዱ» ተብለው ይቀርባሉ። ኮሚቴው ቅዳሜ የሚሰበሰበው በ10 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በ11 ሰዓት ይሁን፤ ውሃ በማኅበሩ ወጪ ይገዛል።

ጋሽ ምድር ባቡር
«የሚስተናገዱ» ጥሩ ቃል ነው። ተስማምቻለሁ።

የቀፊራዋ
እኔም። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን።

የከዚራዋ
የዕጣው ፋይል የት ሄደ? አሁን ከላይ ሳይታዩ የሚያልፉት በሳምንት 14 ሆነዋል፣ ከ9። ቢያንስ አንዱን እንይ ያልኩት ሒሳብ ሹሟ ራሷ ጥሩ ነው ያለችው ነው። 11 እና 1 አሁንም አሥራ ሁለት ነው።

ጸሐፊው
አንቺ ትክክል ነሽ፣ ሳላስበው ቀርቷል። ግን ዛሬ ጠዋት ከዚራ ሄጄ 80 ቅጂ አስባዝቻለሁ። በጉባኤው ላይ እጅሽን አውጥተሽ ተናገሪ።