የውሃ ምንጮቹ ፕሮፖዛል፦ የባለሙያዎቹ ባዮ እስከ ዓርብ

ፀሐፊ፦ የአራቱም ሰው ባዮ ደርሶኛል ግን እንዲህ አድርጌ አልክም። ለአንድ ሰው ግማሽ ገጽ ተብሏል፣ ሁለታችሁ ሲቪያችሁን እንዳለ ለጠፋችሁት። የጋሼ ደግሞ "ታታሪ፣ ሕዝብ ወዳድ፣ ሰፊ ልምድ ያላቸው" ይላል፣ ስንት ምንጭ እንዳሠሩ አንድ መስመር የለም። ባለፈው ዓመት ገምጋሚዎቹ የጣሉን እኮ በዚሁ ነው።

የሸዋ ልጅ፦ መጀመሪያ ከጋሼ ስም ፊት "ኢንጂነር" የሚለውን ማን እንዳጠፋው ይነገረን

ፀሐፊ፦ እኔ። የሁሉንም ማዕረግ አንስቻለሁ፣ ዲግሪው እታች አለ።

የሸዋ ልጅ፦ የቨርጂኒያ "ዶ/ር" የሚለው ግን እንዳለ ነው! ዳያስፖራ ስለሆነ ነው አይደል?

ቨርጂኒያ፦ እኔ እዚህ እንዲህ ዓይነት ፕሮፖዛል ገምግሜ አውቃለሁ። ማዕረጉን የሚያየው የለም። አንባቢው የሥራ ዝርዝሩን ከፍቶ "ሦስቱን ምንጭ የሚያጎለብተው ማነው፣ ከዚህ በፊት ሠርቶታል ወይ" ብሎ ባዮው ውስጥ ይፈልጋል፣ ካጣው ነጥብ ይቀንሳል። የጋሼን እንዲህ ብዬ ሞክሬዋለሁ፦

"የመስክ ሥራ ኃላፊ፣ ለ18 ወር ከሥራ ጊዜያቸው 40 በመቶ። በወረዳ ውሃ ጽ/ቤት የ11 ምንጮችን ግንባታ ተቆጣጥረዋል፣ ዘጠኙ ዛሬም ውሃ ይሰጣሉ። በዚህ ፕሮጀክት የሦስቱን ምንጮች ቅየሳና ግንባታ ይመራሉ፣ የውሃ ኮሚቴውን ጥገና ያስተምራሉ።"

ዘጠኙ የሚለውን አታውጡት። 11ዱም ይሠራሉ ብንል ማንም አያምነንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሩ ነው ግን 40 በመቶ ምንድነው፣ 100 ብንለው ቆራጥ አንመስልም?

ቨርጂኒያ፦ ጋሼ ሌላ ቦታ ሙሉ ደሞዝ ይበላሉ እኮ። 100 ካልን በጀቱ ላይም 100 መግባት አለበት፣ አንድ ሰው ደግሞ 200 በመቶ አይሆንም። 40ውም ቢሆን መሥሪያ ቤታቸው ለዚያን ያህል ጊዜ እንደሚለቃቸው ደብዳቤ ካልጻፈ ዋጋ የለውም።

የሸዋ ልጅ፦ ደብዳቤውም ላይ ኢንጂነር ይባል

ጋሼ፦ እኔ ማዕረግ አልጠየቅሁም። ግን ሃያ ዓመት በዚህ ስም ተጠርቼ ዛሬ በገዛ ማኅበሬ ባዶ ስም ስሆን ደስ አይልም። ካስቸገርኩ ስሜን አውጡት።

ፀሐፊ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እርስዎን ዝቅ ለማድረግ አልነበረም። እሺ ይመለሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሱ ከተመለሰ ለኔም "የሒሳብ ባለሙያ" ይግባልኝ

ከደብረ ብርሃን፦ የስም ነገር ከተነሳ እኔም ለቪዛ ስሄድ የአያቴ ስም አንዱ ወረቀት ላይ ስላልነበረ ስንት ወር ተንከራትቻለሁ

ቨርጂኒያ፦ ያንተ የቪዛ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። ጋሼ ባዮው ላይ በሁለት ስም፣ ደብዳቤው ላይ በሦስት ስም ናቸው፣ የአጻጻፉም ፊደል ይለያያል። ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ሰው ሁለት ሰው ይመስሉታል። ከዚህ የባሰው ግን የጤና ባለሙያዋ ዓመተ ምሕረት ነው። "በ2013 ተመረቀች፣ ከ2006 ጀምሮ ሠራች" ይላል። ከመመረቋ 7 ዓመት በፊት ሥራ ጀመረች ማለት ነው!

የጤናዋ፦ ኧረ ሐምሌ 2005 ነው የተመረቅኩት፣ መስከረም 2006 ሥራ ገባሁ! ምርቃቱን ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ ሥራውን ረስታችሁት ነው። ሁለቱም በፈረንጅ 2013 ነው።

ፀሐፊ፦ የኔ ጥፋት ነው። የአራቱንም ዓመት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይቀይርልኝ

ከደብረ ብርሃን፦ እኔ ዛሬ ማታ

(ሐሙስ)

ፀሐፊ፦ ከደብረ ብርሃን የት ሄድክ? ስልክህም አይነሳም

የሸዋ ልጅ፦ ጋሼ ደብዳቤውን አለቃቸው እንደማይፈርም ነግረውኛል፣ ለ18 ወር አልለቅም ብሏል

ቨርጂኒያ፦ ያለ ደብዳቤ የመስክ ኃላፊ የለንም ማለት ነው። ሌላ ሰው በሁለት ቀን አናገኝም። ጠንካራው ባዮ የጤናዋ ነው፣ ቤት ለቤት ንጽሕና ያስተማረችው በቁጥር አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ሦስት ምንጭ ማለቱ ቀርቶ አንድ ምንጭና የንጽሕና ስልጠና ይሁን፣ ለስልጠናው ሲሚንቶም አይገዛም

የጤናዋ፦ ቆይ፣ የታችኛው ቀበሌ ሰው ምንጭ ነው የጠየቀው፣ ስልጠናማ ስንቴ ሰጠናቸው። ውሃ ሳይኖር እጅ ታጠቡ ልበላቸው?

የሸዋ ልጅ፦ የምንሠራው አንድ ምንጭ ብቻ ከሆነ የላይኛው ይሁን፣ መንገድ ዳር ነው

የጤናዋ፦ የላይኛው በበጋ ይደርቃል እኮ

ጋሼ፦ እሱን እኔም ነግሬያችሁ ነበር።

ፀሐፊ፦ ርዕሱን ለጊዜው "የውሃና ንጽሕና" ብዬዋለሁ። ጋሼን አማካሪ ላድርጋቸው፣ 10 በመቶ? ለዚህስ ደብዳቤ ይፈርሙላቸው ይሆን? ደግሞ ፋይሉን የቆለፈው ማነው፣ "ኢንጂነር" የሚለውን መልሼ ላስገባ ብል አልከፍት አለኝ