የበጀት ማብራሪያችን ድምር ከሰንጠረዡ በ990 ይበልጣል፣ ማታ ይዘጋል!

ሜሪ፦ እርዱኝ እባካችሁ! ፕሮፖዛሉ ዛሬ ማታ ነው የሚዘጋው። የበጀት ሰንጠረዡ ድምር 41,800 ይላል፣ ማብራሪያው ደግሞ 42,790። ሰንጠረዡን ደጋግሜ ደመርኩት፣ ልክ ነው። ማብራሪያውን የጻፉት ሌሎች ናቸው፣ ረጅም ነው። ከየት ልጀምር?

ቶማስ፦ ልዩነቱ 990 ነው። ለ9 እኩል ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን የሆነ ቦታ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው፣ 45 መሆን ያለበት 54 ተብሎ። በቃ እሱን ፈልጊ።

ጋሽ በላይ፦ ልጄ፣ ችግሩ ከሥሩ ነው። መጀመሪያ ሰንጠረዡ ያልቃል። ከዚያ ማንም አይነካውም። የማብራሪያው ቁጥር ሁሉ ከሱ ይቀዳል። ሁለት ሰው ለየብቻ ሲሠራ አንዱ የቀየረውን ሌላው አያውቅም። ገምጋሚ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ነው የሚያነበው።

ሜሪ፦ እውነት ነው ጋሼ፣ ግን አሁን ሰዓት የለኝም።

ኪያ፦ ምን ያስጨንቅሻል? የማብራሪያውን ድምር 41,800 አድርጊውና ላኪው።

ራሔል፦ ኪያ፣ እንደሱማ አይሆንም። ድምሩን ብቻ ከቀየረች የውስጡ መስመሮች ተደምረው እዚያ አይደርሱም። ያኔ ማብራሪያው ከራሱ ጋር ይጣላል። ሜሪ፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ይዛችኋል? ስንት በመቶ?

ሜሪ፦ አዎ፣ ከቀጥተኛው ወጪ 10 በመቶ።

ራሔል፦ እንግዲያው 990 የሚል ነገር አትፈልጊ፣ አታገኚውም። 990ን ለ1.1 አካፍዪው፣ 900 ይመጣል። ልዩነቱ ያለው ቀጥተኛ ወጪ ውስጥ ነው፣ 90ው የሱ 10 በመቶ ነው። ሰንጠረዡ 38,000 ላይ 3,800 ጨምሯል፣ ማብራሪያው 38,900 ላይ 3,890። አሁን አረፍተ ነገሩን ተይውና ማብራሪያው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ማባዛት በካልኩሌተር ሥሪው። ውጤቱን ከሰንጠረዡ መስመር ጋር አስተያዪ። በ900 የሚለየው እሱ ነው። ቶማስ ያለው ፍንጭ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አቤል፦ እኔም ደርሶብኛል። ኤክሴል ሳንቲሙን ደብቆ ያሳያል እንጂ ሲደምር ይቆጥረዋል። እንዲህ አድርጊው፦

```
=ROUND(B4*C4,0)
```

ራሔል፦ አቤል፣ ያ 1 ወይም 2 ነው የሚያመጣው። 900 ከማጠጋጋት አይመጣም።

ሜሪ፦ አገኘሁት!! ሥልጠናው ላይ ነው። ሰንጠረዡ «60 ሠልጣኞች × 3 ቀን × 25 = 4,500» ይላል። ማብራሪያው «72 ተሳታፊዎች × 3 ቀን × 25 = 5,400»።

ቶማስ፦ ይኸው! 4,500 እና 5,400። አሃዝ ተለዋውጧል አላልኩም?

ራሔል፦ ተገጣጥሞ ነው። 72 በ3 በ25 ሲባዛ በትክክል 5,400 ነው፣ ማንም አሃዝ አላገላበጠም። የተጨመረው 12 ሰው ነው። እነማን ናቸው?

ሜሪ፦ አሠልጣኞቹና አስተባባሪዎቹ ይመስሉኛል። ክፍያው የምሳና የትራንስፖርት ነው።

ራሔል፦ የአሠልጣኞች አበል የሚል ሌላ መስመር ካለ ተመልከቺ። የ12ቱም ምሳና ትራንስፖርት እዚያ ከገባ 72 ብሎ መያዝ ሁለቴ መክፈል ነው፣ ስለዚህ 60 ይሁን። ካልገባ ግን የጎደለው ሰንጠረዡ ነው። እስካሁን ያረጋገጥሽው መደመሩን ብቻ ነው።

ከዚያ ቃሉን ወስኚ። «ሠልጣኝ» 60ዎቹ ብቻ ይሁኑ፣ «ተሳታፊ» አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ። የሚጠበቅ ውጤት የሚለውንም ክፍል እዪ። እዚያ «72 ሰዎች ይሠለጥናሉ» ተብሎ ከሆነ ለአንድ ሰው የሚወጣው ወጪም ይዛባል።

ኪያ፦ «ተሳታፊ» የሚለውን በአንድ ጊዜ «ሠልጣኝ» ብለሽ ተኪዋ።

ጽጌ፦ ኧረ በፍጹም! «72 ሠልጣኞች» ይሆንና ስህተቱ ይቆለፋል። አንድ በአንድ ነው የሚታየው። ደግሞ «ሠልጣኝ» ብለሽ ስትፈልጊ በ«ሰ» የተጻፈውን አያመጣልሽም፣ ብዙ ቁጥሩም ያመልጥሻል። «ልጣ» ብለሽ ፈልጊ። ሁሉንም ይይዛል፣ «ሥልጣን»ም ይመጣል፣ እሱን እለፊው። ለሌላው ቃል ግን «ተሳታፊ» ብትዪ ይበቃል።

ሜሪ፦ የአበሉ መስመር «አሠልጣኞች 4» ብቻ ነው የሚለው። የቀሩት 8ቱ የሉም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ስልክ አታነሳም።

ራሔል፦ የአራቱ መስመር ምሳና ትራንስፖርት ይጨምራል ወይ? ከጨመረ ትክክለኛው ቁጥር 60ም 72ም አይደለም፣ 68 ነው። የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ጠይቂ። ማንንም ካላገኘሽ ሁለቱም ቦታ 60 አድርጊ፣ 8ቱ ያለ ምሳ እንደሚቀሩ አውቀሽ። ከዚያ ድምሩን ከታች ወደ ላይ አስተካክዪ፦ መስመሩን፣ ቀጥተኛውን፣ 10 በመቶውን፣ ጠቅላላውን። መሸኛ ደብዳቤው ላይ ያለውንም ድምር አትርሺ።

ጋሽ በላይ፦ ለ8 ሰው ምሳ መተው ትክክል አይመስለኝም። 68 አድርጋ ብትጠይቅ ይሻላል።

አቤል፦ ሜሪ፣ ላክሽው?