«የሚመጥን» የሚለው ማን ነው? በፊልም ምሽቱ ደብዳቤ ላይ የተነሳ ክርክር

የማርቆስ ልጅ፦ ከደብዳቤው ዋናውን ላስቀድም። «ለት/ቤቱ ርዕሰ መምህር። ጉዳዩ፦ በወር አንድ ጊዜ ትምህርታዊ የፊልም ምሽት እንዲጀመር ስለመጠየቅ። ለተማሪ የሚመጥኑ ፊልሞች በኮሚቴ ይመረጣሉ። ምሽቱ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይካሄዳል።»

ይህ በወላጆች ስብሰባ ሲነበብ አንድ አባት ተነስተው «ፊልም ቤታቸው ይዩ» አሉ። ሰውም አጨበጨበላቸው። በጣም ነው የተናደድኩት። የትኛው ቤታቸው? ስንቱ ልጅ ነው ከገጠር መጥቶ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይቶ የሚማረው?

ጮቄ፦ ሰውዬውን ተዋቸው። እኔን ያሳሰበኝ «የሚመጥኑ» የምትለዋ ናት። የሚመጥነውን የሚወስነው ማን ነው? ይሄ ኮሚቴ የሚሉት ነገር መጨረሻው የአንድ መምህር ምርጫ ነው። ተማሪው ራሱ ድምፅ ይስጥ።

የቢቸና እናት፦ ድምፅ ከተሰጠማ ተኩስና ድብድብ ነው የሚመረጠው። የእኔን ልጅ አውቀዋለሁ።

መምህር ዘደጀን፦ እኔ ደብዳቤውን ካረቀቁት አንዱ ነኝ። የተነበበው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። ምርጫው ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።

በመጀመሪያ ፊልሙን የሚያቀርበው መምህር የትኛውን ምዕራፍ እንደሚያግዝ ይጽፋል። ምዕራፍ ያልተጻፈለት አይታይም። ቀጥሎ ሁለት መምህራንና ከወላጅ መምህር ኅብረት፣ ከወመህ፣ አንድ ወላጅ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ያያሉ። ማስታወቂያውን ወይም አሥር ደቂቃውን አይቶ መፈረም የለም። የሚያሳስብ ትዕይንት ካለ ደቂቃውን ይመዘግባሉ። ከዚህ ያለፉት ሦስት ፊልሞች ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ተማሪው በድምፅ ይመርጣል። ጮቄ ያልከው ድምፅ እዚህ አለ።

ጮቄ፦ ከተጣራ በኋላ የሚሰጥ ድምፅ ምን ድምፅ ይባላል? «የሚመጥን» አሁንም በእናንተ እጅ ነው።

መምህር ዘደጀን፦ እሺ፣ በምሳሌ እንየው። «ድፍረት» ቀረበ እንበል። የዘረሰናይ ብርሃኔ ፊልም ነው። 99 ደቂቃ ነው፣ አማርኛ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድልና ትከሰሳለች። ያቀረበው የዜግነት ትምህርት መምህር ነው። ታሪኩ በሆነበት ዘመን የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህን ያስቀረው በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ምዕራፉ ተገኘ ማለት ነው። ኮሚቴው ሲያየው የጠለፋውና የመደፈሩ ክፍል ገና መጀመሪያው ላይ ይመጣል። ያ ይመዘገባል። ስለዚህ ፊልሙ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ብቻ ይሆናል። የሥርዓተ ፆታ ክበብ ኃላፊዋ ትገኛለች። መውጣት የምትፈልግ ልጅ ማንም ሳይጠይቃት እንድትወጣ ቀድሞ ይነገራል። ፊልሙ አልተጣለም፣ በዘፈቀደም አልተከፈተም።

አባይ ማዶ፦ እሱ እኮ ፍርድ ቤት ያገደው ፊልም ነው! የታገደ ፊልም ለተማሪ?

መምህር ዘደጀን፦ በ2006 አዲስ አበባ ላይ የምርቃቱ ዕለት በእግድ መቆሙ እውነት ነው። እግዱ ግን በኋላ ተነስቷል። ወሬውን ከግማሹ አትያዘው።

የቢቸና እናት፦ እኔ ስለ እግዱ አይደለም የምለው። ጠለፋ እኛ አካባቢ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሴቷ ልጄ ከሌሎቹ መሀል ተቀምጣ እሱን ስታይ ማን አጠገቧ አለ? ያልኸው መምህሬ ጥሩ ነው። ግን በጨለማ አዳራሽ ተነስታ የምትወጣ ልጅ ትታያለች። በማግስቱ «ለምን ወጣሽ?» ይሏታል። በር አጠገብ ያለው ወንበር የሴቶች ይሁን፤ ይህም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

መምህር ዘደጀን፦ ይህን አላሰብነውም ነበር። ይገባል።

ፍኖተ፦ መግቢያው ስንት ብር ነው? ለትምህርት ቤቱ አጥር ማሠሪያ ቢሆን ጥሩ ነበር።

የማርቆስ ልጅ፦ ፍኖተ፣ ክፍያ የለም። ትኬት ከተቆረጠ ሲኒማ ቤት ሆነ። ደግሞ ባለመብቱ ሳይፈቅድ ለሕዝብ ማሳየት ከቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጋር ያጣላል።

አባይ ማዶ፦ ፊልሙ ሁሉ በፍላሽ አለኝ፤ እሰጣችኋለሁ። የምን ፈቃድ ነው?

የማርቆስ ልጅ፦ ፍላሽ ላይ መኖሩ ፈቃድ አይሆንም። በነጻ ማሳየትም ቢሆን አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው። ለዚህ ነው ርዕሱ ቢያንስ ከወር በፊት መታወቅ ያለበት፤ ለባለመብቱ ደብዳቤ ተጽፎ መልስ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ከሆነ አከፋፋዩ ዋሽንግተን ያለው የራሱ ማይፌዱህ ነው። በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ጮቄ፦ ኃይሌ ገሪማን ካነሳህማ «ጤዛ» ይታይ። በ2001 ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ወይስ እሱም አይመጥንም?

መምህር ዘደጀን፦ ይመጥናል፤ ርዝመቱ ግን 140 ደቂቃ ነው። 11 ሰዓት ጀምረን 20 ደቂቃ ውይይት ጨምረን ስንወጣ 1 ሰዓት ከ40 ይሆናል። መብራት አንዴ ከጠፋ ደግሞ ሁለት ሰዓት። ሴት ተማሪዎችን በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ አላወጣም። ስለዚህ ከ100 ደቂቃ የሚበልጥ ፊልም በሁለት ወር ተከፍሎ ይታያል ወይም ይቀራል። የራሱ የኃይሌ የአድዋ ዘጋቢ ፊልም 97 ደቂቃ ነው። ለታሪክ መምህሩ ከሱ መጀመር ይቀለዋል።

ጮቄ፦ አየህ? «የሚመጥን» ያላችሁት በሰዓት ሆነ እንጂ በትምህርት አይደለም።

ሚኒ ሚዲያ፦ እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል። ጋሼዎች፣ ስለ ርዕስ ብቻ ነው የምትከራከሩት። ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ ስለ ንፋስ ኃይል የሚያወራ ፊልም አሳይተውን ነበር። ሰብታይትሉ ከታች ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ የሰው ጭንቅላት ነው የሚታየው። ድምፁ ከላፕቶፕ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር ምንም አልሰማንም። ከኋላ ያለው ሁሉ ወሬ ጀመረ፣ መምህሩም ተማሪው አልመጠነም ብለው ደመደሙ። ፊልሙ ምንም አላጠፋም። አንሶላው ከፍ ተደርጎ ቢሰቀልና የእኛ የክበቡ ስፒከር ቢገናኝ ኖሮ እናየው ነበር። ኮሚቴው ፊልሙን በላፕቶፕ ሳይሆን እዚያው አዳራሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይይ።

ሌላው ደግሞ ዓርብ ነው። የገጠር ልጆች ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሚመለሱት እሑድ ነው። ዓርብ ካደረጋችሁት የሚያየው የከተማው ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ቴሌቪዥን አለው።

የማርቆስ ልጅ፦ እኔም ለእነሱ ብዬ ነበር የተናደድኩት። ሐሙስ ይሁን።

የቢቸና እናት፦ ሐሙስ ማታ የቤት ሥራስ?

መምህር ዘደጀን፦ በዚያ ወር የመጨረሻ ሐሙስ የቤት ሥራ አይሰጥ ብዬ ለመምህራኑ ላቀርብ እችላለሁ። ሁሉም ግን አይስማሙም።

አባይ ማዶ፦ በዚህ ጊዜ ማታ ሰው መሰብሰብስ? መንገዱ ሰላም ባልሆነ ቀን ማን ነው ኃላፊነት የሚወስድ?

መምህር ዘደጀን፦ ርዕሰ መምህሩ። የመሰረዝ ሥልጣን ለእሳቸው ብቻ ነው የተሰጠው፣ በዕለቱም ቢሆን።

ጮቄ፦ ከሦስቱ አስመራጮች ሁለቱ መምህራን ናቸው። ለምን አንድ ተማሪ አይገባም? ሚኒ ሚዲያ ይህን ሁሉ ያየው እሱ ነው፤ እናንተ አላያችሁትም።

የቢቸና እናት፦ ተማሪ ከገባ አስቀድሞ ለጓደኞቹ ያወራዋል።

ሚኒ ሚዲያ፦ እትዬ፣ መምህራንም ያወራሉ።

መምህር ዘደጀን፦ ደብዳቤው ሰኞ ይገባል። የቀኑና የበሩ ጉዳይ ይስተካከላል። የተማሪውን ወንበር በተመለከተ ግን እኔ ብቻዬን መወሰን አልችልም፤ ወመህ ይነጋገርበት።

ጮቄ፦ ወመህ! ያው «ፊልም ቤታቸው ይዩ» ያሉት ሰውዬ የወመህ አባል አይደሉም እንዴ?