የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን የአስጠኚ ክፍያ፦ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንዴት እንካፈል?

የሀያት እናት፦ እንደምን ዋላችሁ። የአስጠኚውን ክፍያ ነገር እዚሁ ተነጋግረን እሁድ በአንድ ወረቀት አድርገን ብንፈርም ብዬ ነው። እስካሁን 4,800 ብሩን ለአምስት እያካፈልን 960 960 ስንሰጥ ነበር፣ የሰሚር እናትና የቤዛ አባት ይሄ ልክ አይደለም ብለዋል፣ እውነታቸውን ነው። ሰኞ አራት ልጆች ናቸው፣ ረቡዕ ሰሚር ቁርአን ቤት ስለሚሄድ ሶስት ይሆናሉ፣ ቅዳሜ ቤዛም ከኮምቦልቻ ስለምትመጣ አምስቱም ይሞላሉ። አስተማሪው የሚያስበው ለአንድ ቀን 400 ነው፣ በወር 12 ቀን፣ ሶስት ልጅም ይቀመጥ አምስት ለሱ ያው ነው። ሀሳባችሁን ጻፉ።

የሰሚር እናት፦ እኔ ቀላል ነው የሚመስለኝ። የመጣ ይክፈል፣ ያልመጣ አይክፈል። አንቺ ማን መጣ ማን ቀረ የምትጽፊበት ደብተር አለሽ አይደል፣ ወሩ ሲያልቅ እሱን ቆጥረን መካፈል ነው። ልጄ ባለፈው ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ሆኖ ላልተማረበት ቀን ለምን እከፍላለሁ ወላሂ ከብዶኛል።

የኢክራም ወንድም፦ ቆይ አስተማሪው ጨመረ ማለት ነው? እኛ ጭማሪ አንችልም፣ አሁንም ልጆቹ የሚያጠኑት እኛ ሳሎን ነው፣ መብራቱም ሻዩም ከኛ ነው ማንም ጠይቆን አያውቅም።

የሀያት እናት፦ አልጨመረም የኔ ወንድም፣ አብሽር። ያው 4,800 ነው፣ ወሬው እኛ እርስ በርስ እንዴት እንካፈለው ነው። የሳሎኑን ግን ጥሩ አነሳህ፣ እመለስበታለሁ።

የናሆም አባት፦ የሰሚር እናት ያለችው ለጆሮ ልክ ይመስላል፣ ግን ባለፈው ወር ደብተር ላይ ሞክሬው ነበርና ልንገራችሁ። ሀያት 12ቱንም ቀን መጥታለች፣ ናሆም 11፣ ኢክራም ሰርግ ሄደው ስለነበር 7፣ ሰሚር 6፣ ቤዛ 4። ሲደመር 40 ነው። 4,800ን ለ40 ስናካፍል አንድ ቀን 120 ብር ይወጣል። ስለዚህ ሀያት 1,440 ልትከፍል ነው ማለት ነው፣ ኢክራም 840። አስተማሪው የኢክራምን ቀሪ ቀኖች ከሂሳቡ አልቀነሰም፣ ሰዓቱን ይዞ መጥቶ አስተምሯል፣ ስለዚህ እሷ የቀረችበት ብር የትም አልጠፋም፣ አንድም ቀን ያልቀረችው ልጅ ላይ ነው የተጫነው። ይሄ ከተለመደ ደግሞ ብርድና ዝናብ ያለ ቀን "ዛሬ ይቅር ሂሳቡም ይቀንሳል" ማለት ይመጣል፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ሶስት ልጅ እንዲህ ከቀረ የቀሩት ሁለቱ ምን ሊሸከሙ ነው?

እኔ የምለው በተመዘገቡበት ቀን እንካፈል ነው እንጂ በተገኙበት አይደለም። ወሩ ሳይገባ እያንዳንዱ ወላጅ ልጄ ሰኞና ቅዳሜ ብሎ ያስመዘግባል፣ ወንበሩ የሱ ነው፣ ቢመጣም ባይመጣም ይከፍላል። ሶስቱ ልጆች 12 12፣ ሰሚር 8፣ ቤዛ 4፣ ድምሩ 48። 4,800 ለ48 ልክ 100 ብር። ሀያት፣ ናሆምና ኢክራም 1,200፣ ሰሚር 800፣ ቤዛ 400። ወሩ ሳይጀመር ስለሚታወቅም ቀድመን ቴሌብር ላይ ሰብስበን ለአስተማሪው በሰዓቱ መስጠት እንችላለን፣ ወር በመጣ ቁጥር ደብተር ላይ መጨቃጨቅ የለም።

የሰሚር እናት፦ እሺ ለኔ ከ960 ወደ 800 ወርዷል፣ እሱን አልጠላሁም። ግን ልጅ ቢታመምስ? ወንድሜ አንተም ልጅ አለህ።

የቤዛ አባት፦ እኔ ካለፈው ጀምሮ ሳስበው የነበረው ይሄን ነው። ቤዛ በወር 4 ቀን መጥታ 960 ስከፍል ለአንድ ቀን 240 እየከፈልኩ ነበር፣ ናሆም ግን 80 ነው። ከኮምቦልቻ የሚኒባሱ ሌላ። ግን አንድ ጥያቄ፣ ለምን እያንዳንዱን ቀን ለብቻው አናካፍለውም? ቅዳሜ አምስት ልጆች ስለሆኑ 400ው ለአምስት 80 ነው፣ የኔ 320 ይሆናል።

የናሆም አባት፦ ሂሳቡ ልክ ነው ጋሼ፣ ግን ያኔ ረቡዕ ሶስት ልጆች ብቻ ስለሆኑ ለአንዱ 133 ይመጣል፣ የሶስቱ ልጆች 1,253 ሊሆን ነው። ረቡዕ የፊዚክስ ቀን ነው፣ ውድ ሲሆን አንዱ ወላጅ ይወጣል፣ ከዛ ሁለት ልጅ ይቀርና 200 ይገባል፣ ከዛ ቀኑ ራሱ ይፈርሳል። አንድ ዋጋ ሲሆን ግን ሁሉም ቀን ይኖራል። ለርስዎ የ80 ብር ልዩነት ነው፣ ካላመንዎት እሁድ እንመርምረው።

የቤዛ አባት፦ 80 ብር ላይ አልጨቃጨቅም። ግን ሀረጎ ላይ ጭጋግ ወርዶ መኪናው ሲዘገይ ልጄ ግማሽ ሰዓት ነው የምታገኘው፣ እሱ ይታሰብልኝ።

የሀያት እናት፦ ቅዳሜን ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ብንገፋው ለሁሉም አይከብድም መሰለኝ፣ አስተማሪውን እጠይቀዋለሁ።

የህመሙን ነገር እኔ እንዲህ አስቤዋለሁ። አንድ ሁለት ቀን ቢቀር ምንም አይቀነስም፣ አስተማሪው የዛን ቀን ያሰራቸውን ግን ሌላው ልጅ ለቀረው ይስጠው፣ ሀያት ደብተሯን ፎቶ አንስታ ትልካለች። ከሁለት ሳምንት በላይ ተከታትሎ የቀረና ቶሎ ያሳወቀ ወላጅ ግን የቀረበትን ግማሹን ብቻ ይክፈል። ሌላውን ግማሽ ለመሸፈን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እያንዳንዳችን 100 ብር እናስቀምጥ፣ 500 ይሆናል፣ ሲጎድል እንሞላዋለን።

የናሆም አባት፦ እስማማለሁ። ግን ከነጭራሹ የሚወጣ ወላጅ ከመጣ ያ 500 አይበቃም። ለምሳሌ ኢክራም ብትወጣ 48ቱ 36 ይሆንና ቀኑ 133 ይገባል። ስለዚህ መውጣት የሚፈልግ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይንገረን፣ እኛም ረቡዕን አጥፈን ሁለት ቀን እናድርገው ወይ ብለን የምናስብበት ጊዜ እንድናገኝ፣ ረቡዕ ከታጠፈ 3,200 ለ28 ነው፣ 114 ብር አካባቢ ይሆናል።

የኢክራም ወንድም፦ ኧረ እኛ አንወጣም! አስተማሪው ራሱ ሲቀርስ?

የሀያት እናት፦ በሚቀጥለው ሳምንት ይተካል። ካልተካ 400ው ከሱ ክፍያ ይቀነስና ለሚቀጥለው ወር ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ለሶስት ይሁን ለአራት ይከፋፈል ብለን አንድ ምሽት አናጥፋ። ሌላው ደግሞ ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ሁሌም ከሳምንቱ ሁለት ቀኖች አምስት ጊዜ ይመጣሉ፣ ከነሱ አንዱ የጥናት ቀን ሲሆን 13 ቀን ነው ወይስ 12 የሚለው ነገር እንዳይመጣ በወር ሳይሆን በአራት ሳምንት እንቁጠር፣ 12 ቀን ሲሞላ ክፍያው ይታደሳል።

የሰሚር እናት፦ ይሄ ሁሉ ደስ ይላል፣ ግማሹ የሚለው ግን ለኔ ገና ነው። ልጁ ሀኪም ቤት ተኝቶ ግማሽ መክፈል ያው ከባድ ነው። ያኔ ምንም ባልከፍልስ?

የናሆም አባት፦ ለሀኪም ቤቱ ከሆነ እኔም እስማማለሁ፣ ግን ሳጥኑ አንድ ልጅ ሶስት ሳምንት ቢተኛ ባዶ ይሆናል። 200 200 እናስቀምጥ ካላችሁ ይቻላል።

የኢክራም ወንድም፦ የሳሎኑስ?

የሀያት እናት፦ ለኢክራም ከ1,200ው 100 ብር ይቀነስ ብዬ አስቤ ነበር፣ ሌሎቹ አራታችን 25 25 እንካፈለው። ወይም ደግሞ በየወሩ ቤት እንቀያየር፣ የኛ ሳሎን ጠባብ ቢሆንም አምስት ልጅ ይይዛል። ይሄንና የሀኪም ቤቱን ሁለቱን ብቻ ክፍት ትቻቸዋለሁ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ኑ። የቤዛ አባት ከኮምቦልቻ መምጣት ካልቻሉ በስልክ ይግቡ፣ የመመዝገቢያ ቀኖቹን ግን እስከ ቅዳሜ ማታ ሁላችሁም ላኩልኝ።

የሰሚር እናት፦ ሰሚር ሰኞና ቅዳሜ። ቡናው ከኔ፣ እኔ ይዤ እመጣለሁ።